የፔንሲዮን ድረ ገጽ የግላዊነት መግለጫ፦ የመልእክቱን መንገድ ተከትሎ መጻፍ

ጥያቄ፦ «ጅማ ውስጥ፣ በሕክምና ማዕከሉ አቅራቢያ፣ ቤተሰባችን የሚያስተዳድረው ፔንሲዮን አለን። ወንድሜ በወርድፕረስ ድረ ገጽ ሠራልን፤ እንግዶች በፎርሙ ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይልና መልእክት ይልኩልናል። ፎርሙ Contact Form 7 ነው፣ Flamingo የሚባል ፕለጊንም አለው። ጎግል አናሊቲክስና የጎግል ካርታም አለበት። የመጣውን መልእክት እንግዳ ተቀባይዋ ስክሪንሾት አንስታ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ትልከዋለች። የግላዊነት መግለጫውን ከአንድ የአውሮፓ ሆቴል ገጽ ወስደን ተርጉመነዋል፤ ከታች ኩኪ የሚያስፈቅድ ሳጥንም አለ። ይህ ይበቃል? ካልበቃስ ምን ብለን እንጻፍ?»

ምላሽ፦

አይበቃም። የተረጎማችሁት ጽሑፍ የሚናገረው ስለዚያ ሆቴል አሠራር እንጂ ስለ እናንተ ፔንሲዮን አይደለም። በእንዲህ ያሉ ጽሑፎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ «የዳታ ጥበቃ ኃላፊያችንን ያነጋግሩ» ወይም «መረጃዎን ለማንም አሳልፈን አንሰጥም» የሚል ቃል ይገኛል። ኃላፊ የሚባል ሰው ከሌላችሁና መልእክቱ በየቀኑ በቴሌግራም የሚዞር ከሆነ፣ መግለጫው ለእንግዳው የማይፈጸም ቃል እየሰጠ ነው ማለት ነው። የግላዊነት መግለጫ በእውነት የሚደረገውን የሚገልጽ ጽሑፍ ስለሆነ፣ ከመጻፍ በፊት አንድ መልእክት ከተላከበት ቅጽበት ጀምሮ የት የት እንደሚደርስ መከታተል ያስፈልጋል። ይህ ከተደረገ ጽሑፉ ራሱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ስለ ሕጉ በአጭሩ ልበል። በአገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ ሰዎች ስለ እነርሱ ምን መረጃ እንደተያዘ የማወቅ፣ የተሳሳተውን የማስተካከልና የማስሰረዝ መብት ይሰጣቸዋል፤ የጤና ሁኔታን የሚገልጽ መረጃንም ጥብቅ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ ያስገባዋል። የአውሮፓ ኅብረት የዳታ ጥበቃ ደንብ በእናንተ ላይ ተፈጻሚ የሚሆነው አገልግሎታችሁን ሆን ብላችሁ በኅብረቱ አገሮች ውስጥ ላሉ ሰዎች ስታቀርቡ ወይም እዚያ ያሉ ሰዎች የሚያደርጉትን ስትከታተሉ ነው፤ በዩሮ ዋጋ መለጠፍ ወይም ማስታወቂያን ወደዚያ ማነጣጠር ለመጀመሪያው ምልክት ይሆናል። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተጻፈን፣ ዋጋው በብር የተቀመጠን ድረ ገጽ አንድ ወገናችን ጀርመን ሆኖ ስለከፈተው ብቻ የአውሮፓው ደንብ አይመጣባችሁም። ስለዚህ ከተረጎማችሁት ጽሑፍ የአውሮፓ የሕግ አንቀጾችን የሚጠቅሱትን ክፍሎች ማውጣት ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ፎርሙ እንምጣ፤ በእናንተ ጉዳይ ከኩኪው ይልቅ የሚያሳስበኝ እርሱ ነው። ፔንሲዮኑ በሕክምና ማዕከሉ አቅራቢያ ከሆነ ከእንግዶቻችሁ ብዙዎቹ ሕሙማንና አስታማሚዎች ናቸው፤ ከቦንጋ፣ ከመቱ፣ ከዳውሮ ለሕክምና ጅማ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። ፎርሙ የሚጠይቀው አራት ነገር ብቻ ቢሆንም፣ በመጨረሻው ባዶ ሳጥን ውስጥ ሰዎች የሚጽፉት እንዲህ ያለ ነው፦ «አባቴ በሳምንት ሁለት ጊዜ ኩላሊቱን ይታጠባል፣ ደረጃ መውጣት አይችልም፣ ከሰኞ ጀምሮ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ፈልጌ ነበር።» በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሌላ ሰው የጤና መረጃ አለ። ያ ሰው መልእክቱን አልጻፈም፤ መግለጫችሁንም አላነበበም። ፎርሙ «የጤና መረጃ» የሚል ሳጥን ስለሌለው እናንተ የጤና መረጃ እንደማትሰበስቡ ታስቡ ይሆናል፤ ነገር ግን የሚቆጠረው በእጃችሁ የገባው እንጂ የጠየቃችሁት ብቻ አይደለም።

ይህ መልእክት የሚደርስባቸውን ቦታዎች በየተራ እንመልከት። Contact Form 7 ብቻውን ሲሆን መልእክቱን ወደ ኢሜይል ይልካል እንጂ በድረ ገጹ የመረጃ ቋት ውስጥ አያስቀምጥም። Flamingo ሲጨመር ግን እያንዳንዱ መልእክት በቋቱ ውስጥ ይቀመጣል። በአስተዳዳሪ ስም ገብታችሁ Flamingo ከሚለው ሥር Inbound Messages የሚለውን ክፈቱና አንዱን መልእክት እዩት፤ ላኪው ከጻፈው በተጨማሪ የአይፒ አድራሻው፣ የተጠቀመበት ብሮውዘር ዓይነትና የላከበት ሰዓት አብረው ተመዝግበው ታገኛላችሁ። ከዚያው አጠገብ Address Book የሚል ሌላ ዝርዝር አለ፤ የላኪዎች ስምና ኢሜይል ለብቻው እዚያ ይጠራቀማል። መልእክቱን ስትሰርዙ በዚህ ዝርዝር ያለው ስም አብሮ አይጠፋም። ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው፦ መልእክቱን አጥፍቶ ጨረስኩ ይላል፣ ስሙና ኢሜይሉ ግን ለዓመታት እዚያው ተቀምጦ ይቆያል።

ሁለተኛው ቅጂ በኢሜይል ሳጥናችሁ ውስጥ ነው። ሦስተኛው ሆስቲንግ የሚሰጣችሁ ድርጅት የሚይዘው መጠባበቂያ ቅጂ ነው፤ ምን ያህል ቀን እንደሚያስቀምጥ በጽሑፍ ጠይቁት፣ ሰርቨሩ በየትኛው አገር እንደሚገኝም አብራችሁ ጠይቁ። አዋጁ የግል መረጃ ወደ ውጭ አገር ስለሚተላለፍበት ሁኔታ የራሱ ድንጋጌዎች አሉት፤ ሰርቨሩ ውጭ ከሆነ በመግለጫው ላይ መጥቀስ ብቻ ጉዳዩን አይዘጋውም፣ ድንጋጌዎቹን ከሕግ ባለሙያ ጋር አንብባችሁ መወሰን አለባችሁ። አራተኛው ቅጂ ስክሪንሾቱ ነው። እርሱም አንድ ሆኖ አይቀርም፤ በእንግዳ ተቀባይዋ ስልክ የፎቶ ማኅደር ውስጥ አለ፣ በቴሌግራም ሰርቨር ላይ አለ፣ በግሩፑ አባላት ስልክ ሁሉ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ከግሩፑ የወጣ ወይም ሥራ የለቀቀ ሰው የወሰደውን ቅጂ ማንም አያስመልሰውም።

እዚህ ላይ የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፦ ይህንን አሠራር በመግለጫው ላይ ለመጻፍ ከመሞከር ይልቅ አሠራሩን ማስቀረት ይሻላል። ቤተሰቡ ማወቅ የሚፈልገው ክፍል መያዙን ነው፤ ስለዚህ እንግዳ ተቀባይዋ በግሩፑ «ከሰኞ ጀምሮ፣ ምድር ቤት፣ ሁለት አልጋ፣ አምስት ሌሊት» ብላ ብትጽፍ ሥራው ይሠራል፣ የማንም ሕመም አይነገርም። የድሮዎቹን ስክሪንሾቶች ደግሞ ግሩፑን ከፍታችሁ ለሁሉም እንዲጠፉ አድርጋችሁ ሰርዟቸው፤ ከስልኮቹ የፎቶ ማኅደርም ለብቻ መጥፋት አለባቸው። ስለ Flamingoም ይህንኑ ጠይቁ። መልእክቱ በኢሜይል በደንብ የሚደርሳችሁ ከሆነ ሁለተኛ ቅጂ መያዙ ምን ይጠቅማል? አንድ ጥቅም አለው፤ ኢሜይሉ ሳይደርስ ቢቀር መልእክቱ አይጠፋም። ይህ ስጋት ካለባችሁ Flamingo እንዲቆይ አድርጉ፣ ካልሆነ ግን ያለውን አጥፍታችሁ ፕለጊኑን አንሱት። በምሳሌው እንዲቆይ እንደወሰናችሁ አድርጌ እቀጥላለሁ።

ፎርሙን ማስተካከልም ከጽሑፉ ይቀድማል። ስልክ ካለ ኢሜይል ግዴታ መሆን የለበትም፤ ከሁለቱ አንዱ ይበቃል። በመልእክቱ ሳጥን ሥር ደግሞ አንድ አጭር ቃል ይጻፍ፦ «የሕመሙን ዓይነት መጻፍ አያስፈልግዎትም። ምድር ቤት የሚገኝ ክፍል፣ የተሽከርካሪ ወንበር መግቢያ ወይም የአስታማሚ አልጋ ከፈለጉ ያንኑ ብቻ ይግለጹልን።» ይህ ዓረፍተ ነገር ከረጅም መግለጫ የበለጠ ይሠራል፤ እንግዳው በሚጽፍበት ቦታና ጊዜ ስለሚያገኘው የሚመጣው መረጃ ከመነሻው ይቀንሳል።

ቀጥሎ የመሰረዣ ጊዜ አለ፤ በግልባጭ የተወሰዱ መግለጫዎች ሁሉ «አስፈላጊ እስከሆነ ድረስ እናስቀምጣለን» ብለው የሚያልፉት ቦታ ይህ ነው። እንዲህ ያለው ቃል ለእንግዳው ምንም አይነግረውም። ክፍል ያልያዘ ሰው የላከውን መልእክት በ90 ቀን ለመሰረዝ ወሰናችሁ እንበል፤ ቁጥሩ የእናንተ ውሳኔ ነው፣ እኔ 90ን የመረጥኩት የሕክምና ቀጠሮው ተራዝሞ ተመልሶ የሚደውል ሰው ስለሚኖር ነው። የመሰረዙን ሥራ እንግዳ ተቀባይዋ በየወሩ መጀመሪያ ቀን ታከናውነዋለች። አሁን መስከረም 2 የተላከን መልእክት እንከታተል። ታኅሣሥ 1 ላይ ገና 89 ቀኑ ስለሆነ አይሰረዝም። ጥር 1 ላይ 119 ቀኑ ነው፤ ያን ዕለት ከኢሜይሉም ከFlamingoም ይሰረዛል። ሆስቲንጉ መጠባበቂያ ቅጂ ለ30 ቀን የሚይዝ ከሆነ፣ መልእክቱ ያለበት የመጨረሻው ቅጂ የሚጠፋው በጥር ወር ማብቂያ ላይ ነው። ስለዚህ በመግለጫው «በ90 ቀን ይጠፋል» ብሎ መጻፍ ሐሰት ይሆናል፤ እውነተኛው ቃል «ቢበዛ በ5 ወር ውስጥ» የሚለው ነው። አንድ ወጥመድም አለ፦ ጂሜይልም ሆነ ወርድፕረስ የተሰረዘን ነገር ወዲያው አያጠፉትም፣ በቆሻሻ መጣያው ውስጥ ለ30 ቀን ያቆዩታል። መጣያው በዚያው ዕለት በእጅ ካልተራገፈ ስሌቱ በአንድ ወር ይረዝማል።

ክፍል ይዞ ያደረ እንግዳ ጉዳይ የተለየ ነው፤ የእንግዳ መዝገብና ደረሰኝ በሌላ ሕግ መሠረት ሊቀመጡ ስለሚገባ መልእክቱን ሰርዛችሁ መዝገቡን ትይዛላችሁ። መዝገቡ ግን ስለ ሕመሙ መናገር የለበትም።

አሁን ስለ ኩኪ። ድረ ገጹ የትኞቹን ኩኪዎች እንደሚያስቀምጥ ለማወቅ ወንድምዎን ከመጠየቅ ይልቅ ራስዎ ይዩት። በኮምፒውተር ላይ ክሮምን በስውር መስኮት ከፍተው ወደ ድረ ገጹ ይግቡ፣ ምንም ሳይጫኑ F12ን ይምቱ፣ Application ከሚለው ሥር Cookies የሚለውን ይክፈቱ። በዚህ ጊዜ `_ga` የሚል ስም ከታየ የማስፈቀጃው ሳጥን ጌጥ ብቻ ነው፤ ገና ምንም ሳይመርጡ ጎግል አናሊቲክስ ሥራ ጀምሯል። `_ga` ጎብኚን ከጎብኚ የሚለይ ቁጥር የሚይዝ ኩኪ ሲሆን፣ በጎግል አሠራር ዕድሜው 2 ዓመት ነው፤ ክሮም በበኩሉ ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የማንኛውንም ኩኪ ዕድሜ በ400 ቀን ይገድበዋል። ከዚያም «አልቀበልም» የሚለውን ተጭነው ገጹን እንደገና ይክፈቱና ድጋሚ ይዩ። አሁንም ካለ ሳጥኑ ጎብኚውን ያታልላል። Network የሚለውን ቢከፍቱ ደግሞ ገጹ ከየትኞቹ ሌሎች ድርጅቶች ሰርቨር ነገር እንደሚጠራ ይታያል፤ ካርታው ካለ የጎግል ስም እዚያ ይመጣል። ካርታው ኩኪ ባያስቀምጥ እንኳ የጎብኚው አይፒ አድራሻ ገጹ በተከፈተ ቁጥር ወደ ጎግል መሄዱ አይቀርም።

ፈቃድ ማለት ከመረጃው መሰብሰብ በፊት የሚሰጥ ግልጽ ምርጫ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2019 እ.ኤ.አ. በአንድ የታወቀ የኩኪ ጉዳይ ላይ፣ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ እንዳልሆነ፣ የኩኪው ዕድሜና ሌላ ወገን የሚያገኘው መሆን አለመሆኑም ለጎብኚው መነገር እንዳለበት ወስኗል። ውሳኔው እኛን ባያስገድድም ለአንባቢ ምን መንገር እንደሚገባ በደንብ ያሳያል።

ለእናንተ ግን ከማስተካከል ማንሳት ይቀላል። ጥቂት ክፍሎች ላሉት ፔንሲዮን አናሊቲክስ የሚሰጠው ጥቅም ምንድን ነው? ባለፈው ወር ከአናሊቲክስ የተነሣ የወሰናችሁት አንድም ነገር ከሌለ ኮዱን አውጡት። ካርታውንም በፎቶ ተኩና ሥሩ አገናኝ አድርጉለት፤ መንገዱን የፈለገ ሰው ራሱ ተጭኖ ወደ ካርታው ይሄዳል፣ ያልፈለገው ጎብኚ ወደ ጎግል ሳይደርስ ይቀራል። ሁለቱ ከወጡ በኋላ በስውር መስኮት ሲያዩ ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ማስፈቀጃው ሳጥን ራሱ ይነሳል፤ የሚያስፈቅደው ነገር የለውምና። የሚቀሩት ወርድፕረስ ለአስተዳዳሪው የሚያስቀምጣቸው የመግቢያ ኩኪዎች ናቸው፤ እነርሱም ገብቶ የሚሠራውን ሰው እንጂ እንግዳውን አይመለከቱም። ባዶ ካልሆነ የቀረውን ኩኪ ስም ይዛችሁ የትኛው ፕለጊን እንዳመጣው መፈለግ ነው፤ ፕለጊኖቹን አንድ በአንድ እያጠፉ ምርመራውን መድገም መልሱን ይሰጣል።

ወርድፕረስ በ Settings ሥር Privacy በሚለው ቦታ የመግለጫ ረቂቅ ያቀርባል። መነሻ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ስለ አስተያየት መስጫና ስለ ምስል መጫን የሚናገሩ ክፍሎች አሉት። በገጻችሁ አስተያየት መስጫ ከሌለ ያንን ክፍል እንዳለ መተው ቀደም ብዬ የተናገርኩትን ስህተት በሌላ በር ማስገባት ነው።

ከላይ ያሉት ማስተካከያዎች ከተደረጉ በኋላ መግለጫው እንዲህ ሊነበብ ይችላል፤ በቅንፍ ያሉትን በራሳችሁ ሙሉ።

«ይህ መግለጫ በ(የፔንሲዮኑ ስም)፣ ጅማ፣ ድረ ገጽ በኩል ስለሚደርሱን መልእክቶች ነው። መረጃውን የሚይዘው ፔንሲዮኑ ሲሆን ኃላፊነቱ የ(የሥራ ድርሻ) ነው፤ በስልክ ቁጥር (…) ይገኛል።

በፎርሙ ስምዎን፣ ስልክዎን ወይም ኢሜይልዎን እና መልእክትዎን እንቀበላለን። ፎርሙ ሲላክ አይፒ አድራሻዎ፣ የብሮውዘርዎ ዓይነትና ሰዓቱ አብረው ይመዘገባሉ። እነዚህን የምንጠቀምባቸው ለጥያቄዎ መልስ ለመስጠትና ክፍል ለመያዝ ብቻ ነው፤ ማስታወቂያ አንልክባቸውም።

መልእክትዎን የሚያነቡት የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛና ሥራ አስኪያጁ ናቸው። መልእክቱ በድረ ገጻችን ሰርቨር ላይ፣ ይኸውም በ(የሆስቲንጉ ድርጅትና አገር)፣ እንዲሁም በጂሜይል የኢሜይል ሳጥናችን ውስጥ ይቀመጣል።

ክፍል ካልያዙ መልእክትዎን ከነመጠባበቂያ ቅጂው ቢበዛ በ5 ወር ውስጥ እናጠፋለን። ክፍል ከያዙ የእንግዳ መዝገቡና ደረሰኙ ሕግ በሚያዘው ጊዜ ይቆያሉ።

እባክዎ የእርስዎን ወይም አብሮዎት የሚመጣውን ሰው የሕመም ዓይነት አይጻፉልን። ከጻፉልን ወደ ሌላ መዝገብ አንገለብጠውም።

ይህ ድረ ገጽ በጎብኚዎች ብሮውዘር ላይ ኩኪ አያስቀምጥም።

ስለ እርስዎ የያዝነውን ለማየት፣ ለማስተካከል ወይም ለማስሰረዝ መልእክቱን በላኩበት ስልክ ወይም ኢሜይል ያሳውቁን፤ በ(…) ቀን ውስጥ እንመልሳለን። አቤቱታ ካለዎት ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማቅረብ ይችላሉ። (የተጻፈበት ቀን)»

በረቂቁ ውስጥ «በላኩበት ስልክ ወይም ኢሜይል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። መልእክቴን ሰርዙልኝ የሚል ሰው ሲመጣ ብዙዎች የመታወቂያ ፎቶ ይጠይቃሉ፤ ስምና ስልክ ለማጥፋት ሲባል ከእነርሱ የከበደ መረጃ መቀበል ነው። በተመዘገበው ቁጥር መልሶ መደወል ማንነቱን ለማረጋገጥ ይበቃል።

በፎርሙ ሥር «በመግለጫው ተስማምቻለሁ» የሚል ምልክት ማድረጊያ ሳጥን አትጨምሩ። እንግዳው ክፍል አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ለመመለስ ስልኩን መጠቀማችሁ የጥያቄው አካል ነው፤ መግለጫው ደግሞ እንዲያውቅ የሚሰጠው እንጂ የሚፈርመው ውል አይደለም። ከመላኪያው ቁልፍ በላይ «መልእክትዎን እንዴት እንደምንይዝ እዚህ ያንብቡ» የሚል አገናኝ ይበቃል። ፎርሙ በአፋን ኦሮሞም ካለ መግለጫው በአፋን ኦሮሞ ሙሉ ሆኖ መቅረብ አለበት፤ ለጅማ ድረ ገጽ በአማርኛ ብቻ ማስቀመጥ ከአንባቢዎቹ ብዙዎቹን ያስቀራል።

ወንድምዎ አዲስ ፕለጊን በጨመረ ወይም የገጹን ገጽታ በለወጠ ቁጥር የስውር መስኮቱን ምርመራ ይድገሙት፤ ፊደል፣ ቪዲዮ ወይም የመወያያ ቁልፍ ብቻ የጨመረ የሚመስል ለውጥ የሌላ ድርጅት ሰርቨር ሊያስጠራ ይችላል፣ ያን ጊዜ «ኩኪ አያስቀምጥም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከዚያው ቀን ጀምሮ መታረም አለበት።